ፐርማንጋኔቱ ከመስመሩ ወጣብኝ፣ ላቡ ሊዘጋ ነው

ቤዛ፦ እባካችሁ ድረሱልኝ! 525 ናኖሜትር ላይ የፐርማንጋኔት ናሙና እየለካሁ ነው። ስታንዳርዶቼ 0.1፣ 0.2፣ 0.4 እና 0.8 ሚሊሞላር ናቸው፤ አብዞርባንሳቸው 0.24፣ 0.47፣ 0.92 እና 1.66። ናሙናው ደግሞ 1.97 አለኝ። መስመሩ መጨረሻው ላይ ጎበጠ። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው? 11 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ።

ሳሚ፦ ኩቬቱን እጠቢው።

መምህሩ፦ ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቡጌር በ1729 እ.ኤ.አ.፣ ላምበርት በ1760፣ ቤር በ1852 ደረጃ በደረጃ ያደረሱት፣ አብዞርባንስ ከኮንሰንትሬሽን ጋር በቀጥታ መስመር ያድጋል የሚለው ሕግ ነው። የሚሠራው ለቀጭን ሶሉሽን ብቻ ነው፤ ሲወፍር ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይነካካሉ። ያንቺ ችግር እሱ ነው።

ደረጀ፦ ምን አስጨነቀሽ? ኤክሴል ላይ ፖሊኖሚያል በይው፣ ኩርባው ቁጭ ይላል።

ትዕግስት፦ መምህር፣ መነካካቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ10 ሚሊሞላር ወዲያ ነው፤ እሷ ገና 1 አካባቢ ናት። ቤዚ፣ ማሽኑ አልተበላሸም፣ አቅሙ ነው ያለቀው። ብርሃን በሶሉሽኑ ሲያልፍ በየእርምጃው የሚቀነሰው እኩል መጠን ሳይሆን እኩል ድርሻ ነው። የኩቬቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ከ100 እጅ 10ሩን ካሳለፈ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ከዚያ 10 ውስጥ 1 ብቻ ያሳልፋል። አብዞርባንስ 2 ማለት ይሄ ነው። ማሽኑ ውስጥ ግን ሶሉሽኑ የማይውጠው ጥቂት ብርሃን ሁሌም ይሾልካል። 1 እጅ ከሾለከ፣ ናሙናው የፈለገውን ያህል ቢጠቁር ንባቡ ከ2 አይዘልም። 0.8ሽም የ0.4ን እጥፍ ማለትም 1.84 መሆን ሲገባው 1.66 ላይ የቀረው ለዚህ ነው።

1 ሚሊ ሊትር ናሙና በፒፔት ወስደሽ በ10 ሚሊ ሊትር ፍላስክ እስከ ምልክቱ በዲስትልድ ውሃ ሙይው። ንባቡ 0.31 ቢሆን ለ2.3 ስታካፍዪ 0.13 ይመጣል፣ በ10 ሲባዛ 1.3 ሚሊሞላር። 2.3 ከታችኞቹ ስታንዳርዶችሽ የወጣ ቁልቁለት ነው፤ 0.8ን ከመስመሩ አውጪው።

ደረጀ፦ የኔ ፖሊኖሚያል ምን አጠፋ?

ትዕግስት፦ 1.97 ከመጨረሻው ስታንዳርድ በላይ ነው፣ እዚያ ኩርባው ግምት ነው። ደግሞ ጫፉ ጠፍጣፋ ስለሆነ የ0.02 የንባብ ስህተት ኮንሰንትሬሽኑን ክፉኛ ያዛባዋል።

ሀብታሙ፦ እኔ በስልክ ካሜራ ሐምራዊውን ፎቶ አንስቼ ነበር የምለካው፣ መብራት ሲጠፋ ግን...

መምህሩ፦ እሱን ተወው። ቀጭን ኩቬት ቢኖራት ግን ያው ውጤት ያመጣ ነበር።

ቤዛ፦ ቀጥኖ 0.32 አለ!! ተመስገን። ግን ደግሜ ስለካው 0.29 ሆነ፣ ቡናማ ቢጤም እየሆነ ነው።

ትዕግስት፦ በምን ውሃ ነው ያቀጠንሽው? ፐርማንጋኔት ቆሻሻ ካገኘ ራሱ ያልቃል፣ ቡናማውም ደለሉ ነው። ያን ጊዜ 0.29ኙን እርሺው።

ሳሚ፦ ኩቬቱን እጠቢው አልኩ እኮ።