ደሴ፦ ጌም ላይ ፒንግ በድንገት 400 ይገባል፤ ጥፋቱ የርቀቱ ነው፣ የNAT ነው ወይስ የዋይፋዩ?

ጠያቂ (ሆጤ)፦ ሰላም ወገኖች። በPS4 የተኩስ ጌም እጫወታለሁ። ሰርቨሩ አውሮፓ ነው፤ ፒንጉ 150 አካባቢ ነው፣ እሱን ለምጄዋለሁ። ያስቸገረኝ በየደቂቃው ድንገት 400፣ 500 መግባቱ ነው። ፊቴ የነበረው ሰው ከኋላዬ ይገኛል። የኔትወርክ ቴስቱ NAT Type 3 ይላል። ራውተሩ ሳሎን ነው፣ እኔ ጓሮ ሰርቪስ ክፍል ነኝ። ደሴ ስለሆንኩ ነው? ፓኬጁን ከፍ ላስደርገው?

የሸዋ በር ልጅ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ጉዱ NAT Type 3 ነው። ራውተሩ ውስጥ ገብተህ UPnP አብራ። እኔ Type 2 ካደረግኩ ወዲህ ከጓደኞቼ ጋር በድምፅ እየተሰማማን ነው የምንጫወተው። ደሞ ደሴ ነን፤ መስመሩ አዲስ አበባ ደርሶ ነው የሚወጣው፣ እሱም ያዘገያል።

ፍሬ (ኮምቦልቻ)፦ እኔም በስልክ ዳታ ስጫወት እንደዚሁ ነው! ቪፒኤን ብጭን ይሻለኛል?

ኬብል ጎታች፦ UPnP ማብራቱ ደግ ነው፣ ግን መድኃኒቱ ለሌላ በሽታ ነው። ሰርቨር ያለው ጌም ላይ ቀድመህ በሩን የምታንኳኳው አንተ ነህ፤ መልሱም በከፈትከው በር ይመለሳል። Type 3 የሚያስቸግረው ሌላ ሰው በቀጥታ ወዳንተ ሲመጣ ነው። የጓደኛ ድምፅ አይሰማም፣ ፓርቲ መግባት እምቢ ይላል። 150ውን 400 አያደርገውም።

ርቀቱን እናስላው። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 4 ሚሊሰከንድ፤ ማንም አይሰማውም። ፍራንክፈርት ግን በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 50። ኬብሉ ደግሞ በቀጥታ አይሄድም፣ በባሕር ይዞራል፤ በየመንገዱም መሣሪያ አለ። ስለዚህ 150ህ አይግረምህ። ፓኬጅ ከፍ ብታደርግም ያው ነው፣ ጌም የሚፈልገው ዳታ ትንሽ ነው።

ርቀት ግን በየደቂቃው አይለዋወጥም። ዘሎ የሚወጣው ቁጥር ሌላ ምክንያት አለው፤ እኔ የምጠረጥረው ዋይፋዩን ነው። ላፕቶፕ ካለህ PS4ቱ ጎን አስቀምጠው፣ በዚያው ዋይፋይ ይገናኝ፣ ይቺን ጻፍ፦

```
ping -t 192.168.1.1
```

የራውተርህ አድራሻ ሌላ ከሆነ እሱን ተካ። አምስት ደቂቃ ተወውና በCtrl+C አቁመው። ይሄ ፒንግ ከግቢህ አይወጣም። እዚህ ላይ ከዘለለ ጥፋተኛው ቤትህ ውስጥ ነው።

ፍሬ እህቴ፣ ያንቺ በሞባይል ዳታ ስለሆነ ይሄ ፈተና አይሆንሽም። ቪፒኤን መንገዱን ብዙ ጊዜ ያረዝመዋል። የቪፒኤኑ መንገድ ካለሽበት ከተሻለ ብቻ ነው የሚጠቅመው፤ እሱን ሞክረሽ ነው የምታውቂው።

ጠያቂ፦ ሞከርኩት! ብዙው 3፣ 4፣ 3 ነው፤ ከዚያ 187፣ 260፣ አንዴም Request timed out አለ። ከራውተሩ ጋር የሚለየኝ ሁለት የብሎኬት ግድግዳና አንድ የቆርቆሮ በር ነው።

ኬብል ጎታች፦ በቃ ተገኘ። ዋይፋይ ሲበላሽበት ያንኑ መልእክት ደጋግሞ ይልካል፤ ያ ድግግሞሽ ነው ዝላዩ። የጎረቤት ራውተርም በዚያው ቻናል ላይ ካለ ተራ ይጠብቃል። 5GHz ልሞክር ካልክ፣ ግድግዳ ላይ ከ2.4 ይልቅ ደካማ ነው። 20 ሜትር የኔትወርክ ኬብል ግዛ፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ችግር የለውም። ዝናብ በሚነካበት ቦታ ግን የውጭ ዓይነቱን ፈልግ፣ ተራው ሽፋን ፀሐይ ይሰነጥቀዋል።

ጠያቂ (ከሦስት ቀን በኋላ)፦ በመስኮት አሳልፌ ዘረጋሁት። ራውተሩ ላይ አሁን 1 ሚሊሰከንድ ነው፣ ንቅንቅ የለም። ጌሙ 148፣ 150 ላይ ረግቷል። ወላሂ ሌላ ጌም ነው የመሰለኝ! UPnPም አበራሁ፣ Type 3 ግን አልተቀየረም።

የሸዋ በር ልጅ፦ እንግዲያው DMZ ላይ የPS4ቱን አይፒ አስገባ።

ኬብል ጎታች፦ መጀመሪያ ራውተሩ ገጽ ላይ WAN IP የሚለውን እይ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ ከራውተርህ በላይ ሌላ NAT አለ ማለት ነው። DMZ አይደርስበትም። ከአቅራቢህ የራስህ ፐብሊክ አይፒ መጠየቅ ነው ያለው።

ጠያቂ፦ በ100.7 ይጀምራል... አሃ፣ 100.72 ነው። እሺ እጠይቃለሁ። ሌላም አለ፤ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ በኬብሉም 210 ይሆናል፣ ራውተሩ ላይ ግን 1 ነው።

ፍሬ (ኮምቦልቻ)፦ እዚህም ማታ ማታ ልክ እንደዚያ ነው።

ኬብል ጎታች፦ ራውተሩ ላይ 1 ከሆነ ኬብልህ ነፃ ነው። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ቪዲዮ የሚያይ ወይም ፎቶ የሚጭን ስልክ ሁሉ ዘግተህ እየው። ያኔም 210 ካለ መጨናነቁ ከግቢህ ውጭ ነው፤ የት ላይ እንደሆነ ግን በዚህ ብቻ አይለይም። ጌሙ የመካከለኛው ምሥራቅ ሰርቨር ካለውም አንድ ማታ ሞክረው። በካርታ ይቀርባል፤ መስመሩ በአውሮፓ ዞሮ ከሆነ ግን ቁጥሩ ከዚህም ይብሳል። ያየኸውን ቁጥር እዚሁ ጻፍልን።