ሶፊ በየትኛው ሳጥን ይገባል?

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ሐረር፦ በስትራቴጂክ ማኔጅመንት ፈተና ላይ የሐረር ቢራ ፋብሪካ አልኮል የሌለውን የማልት መጠጥ ሶፊን ሲያወጣ፣ በአንሶፍ ሠንጠረዥ አራት ሳጥኖች ከተቀመጡት የድርጅት ዕድገት መንገዶች፣ ማለትም ገበያ ሰርጎ ከመግባት፣ ገበያ ከማስፋት፣ ምርት ከማልማትና ከዳይቨርሲፊኬሽን፣ የትኛውን እንደተከተለ ተጠየቅን። ምርቱም አዲስ፣ ጠጪውም አዲስ ነውና ዳይቨርሲፊኬሽን ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ በቀይ ሰርዞ «ገበያው ያው ሐረር ነው፤ ይህ ምርት ማልማት ነው» ብሎ አምስት ነጥብ ቀነሰብኝ። አባቴ በዕድሜው አንድ ጠርሙስ ቢራ ገዝቶ አያውቅም፤ ሶፊ ግን ከቤታችን አይጠፋም። ታዲያ ገበያው እንዴት ያው ይሆናል?

የሸንኮር ልጅ፦ መምህርህ ልክ ነው። ገበያ ማለት የምትሸጥበት አገር ነው። ፋብሪካው ቢራውን በሚሸጥበት ከተማ ሶፊንም ሸጠ፤ አለቀ። ቢራውን ጅቡቲ ወስዶ ቢሸጥ ገበያ ማስፋት እንለው ነበር። ዳይቨርሲፊኬሽን የሚባለው ቢራ ጠማቂ ተነስቶ ሲሚንቶ ሲያመርት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ማወሳሰብ ተማሪ ያደናግራል።

የቀድሞ አከፋፋይ፦ «ገበያው ያው ሐረር ነው» የሚለውን ቃል ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ስድስት ዓመት መጠጥ በጅምላ አከፋፍያለሁ። ቢራ የማወርድላቸው ግሮሰሪዎችና ሆቴሎች ነበሩ። አልኮል የሌለውን ይዤ ጀጎል ውስጥ ወዳሉ ሱቆች ስገባ ግን ማንም አያውቀኝም። አንድ ሱቅ ያላቸው አዛውንት የቢራ ስም ያለበት ሳጥን በራቸው ላይ እንዳላስቀምጥ ከለከሉኝ። ጠርሙሶቹን አውጥቼ በሌላ ሳጥን ደረደርኩላቸው። ባዶውን ለመሰብሰብ ስመለስም ከግሮሰሪው ባዶ ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው ጫንኩ። ግሮሰሪው በብድር ይወስዳል፤ እሳቸው ጥሬ ገንዘብ ከፍለው ሁለት ሳጥን ብቻ ይወስዳሉ። መንገዱ አንድ፣ ከተማው አንድ፣ ገበያው ግን ሁለት ነበር።

የሸንኮር ልጅ፦ እርስዎ የሚነግሩን የአከፋፋይ ድካም ነው። ሳጥን መቀየር ገበያ መቀየር አይደለም።

ጡረተኛ አስተማሪ፣ ድሬዳዋ፦ ሁለታችሁም «ገበያ» የምትለዋን ቃል ይዛችሁ ትጎትታላችሁ። ኢጎር አንሶፍ በ1957 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ሠንጠረዡን ሲያወጣ በአንዱ ጎን የጻፈው የምርት ዓይነትን ነው፤ በሌላው ጎን ያስቀመጠው ግን ከተማን ወይም አገርን አልነበረም። ምርቱ የሚፈጽመውን ተልእኮ ነበር። ደንበኛን መለኪያ ያላደረገበትንም ምክንያት ተናግሯል፤ አንድ ደንበኛ ብዙ ተልእኮ አለው፣ እያንዳንዱም የተለየ ምርት ይፈልጋል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ ሶፊ የት ተሸጠ የሚል አይደለም፤ ማን ጠጣው የሚልም አይደለም። ጠርሙሱ ማዕድ ላይ ሲቀርብ ምን ሥራ ይሠራል የሚል ነው። የዚህ ልጅ አባት ሶፊ የሚገዙት በቢራ ፈንታ አይመስለኝም። በለስላሳ መጠጥ ፈንታ ነው የሚገዙት፤ እንግዳ ሲመጣ፣ ኒካህ ሲኖር። እንዲህ ከሆነ ተልእኮው ሌላ ነው፣ ምርቱም ሌላ ነው፤ ልጁ ያልተሳሳተበት መንገድ አለ ማለት ነው።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ሐረር፦ እግዜር ይስጥልኝ መምህር። ይህንን አትሜ ወስጄ ላሳየው?

ጡረተኛ አስተማሪ፣ ድሬዳዋ፦ አትቸኩል ልጄ። አንሶፍ ዳይቨርሲፊኬሽንን ለይቶ ያስቀመጠበት ሌላ ምክንያትም አለ። ሦስቱን መንገዶች ድርጅቱ ባለው ሙያ፣ ባለው ገንዘብና ባለው የመሸጫ አቅም ይከተላቸዋል፤ አራተኛው ግን አዲስ ሙያ፣ አዲስ ዘዴ፣ አዲስ መሣሪያ ይጠይቃል ብሏል። ሶፊ የማልት መጠጥ ነው። ብቅሉን ማብሰል፣ ጠርሙስ ማጠብ፣ መሙላትና ማሸግ ቢራ ጠማቂ ድሮም የሚያውቀው ሥራ ነው። በዚህ በኩል መምህርህም የሚይዘው ነገር አለው። እኔ ብሆን ነጥቡን የምሰጠው ለምክንያቱ ነበር።

ዳቦ ቤት ያላት፣ ከዚራ፦ ስለ መጠጡ አላውቅም፤ የራሴን ልጠይቅ። ዳቦ ቤታችን በቀን 1,200 ዳቦ ይጋግር ነበር። መጀመሪያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መክፈት ጀመርን፤ የባጃጅ ሾፌሮች ሁለት ዳቦ ይገዙ የነበሩት አራት መውሰድ ጀመሩ። ቀጥሎ ሳቢያን ሰፈር መሸጫ ከፈትን፤ በሰባት ወሩ ዘጋነው። ከዚህ ጋግረን በባጃጅ ስንወስድ ዳቦው ቀዝቅዞ ይደርሳል፤ እዚያ ያለው ጋጋሪ ግን ትኩሱን ያወጣል። ሦስተኛ ለሁለት ሆቴሎች የበርገር ዳቦ ጀመርን። ምርቱም አዲስ፣ ገዢውም አዲስ። ያዋጣን እሱ ነው። አሁን የምን ሳጥን ውስጥ ነን?

የሸንኮር ልጅ፦ በሌሊት መክፈታችሁ ገበያ ሰርጎ መግባት ነው፤ ሳቢያን ገበያ ማስፋት ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። የበርገሩ ዳቦ ግን ዳይቨርሲፊኬሽን ሊሆን አይችልም። የመጨረሻው ሳጥን ከሁሉም አደገኛ መሆኑን ማንኛውም ማስታወሻ ይነግርዎታል። እርስዎ ግን አተረፉበት።

ዳቦ ቤት ያላት፣ ከዚራ፦ ስላተረፍኩ ስሙ ይቀየራል እንዴ?

የቀድሞ አከፋፋይ፦ ትክክለኛ ጥያቄ! አደጋው ከሳጥኑ ስም አይመጣም፤ እንደ አዲስ መማር ካለባችሁ ነገር ብዛት ነው የሚመጣው። ለበርገሩ ዳቦ ምን አዲስ ነገር ገዛችሁ?

ዳቦ ቤት ያላት፣ ከዚራ፦ መጋገሪያ ትሪ ብቻ። ምድጃው ያው፣ ሊጡን የሚያቦካው ሰው ያው፤ ስኳርና ዘይት ጨመርን። ሆቴሎቹ ከበራችን አሥር ደቂቃ የማይርቁ ናቸው፤ ማታ ቁጥሩን ይነግሩናል፣ ጠዋት እናደርሳለን። ባለቤቴ በኋላ የጭነት መኪና ገዝቶ ነበር፤ ጎማ፣ ሾፌር፣ መለዋወጫ። ከምድጃው ያመጣነው አንድም እውቀት አልረዳንም። በዓመቱ በኪሳራ ሸጥነው።

ጡረተኛ አስተማሪ፣ ድሬዳዋ፦ ሦስት ወር ሙሉ ለተማሪ ላስረዳ የደከምኩበትን ነገር እርስዎ በአራት መስመር ጻፉት። የበርገሩ ዳቦና መኪናው በሠንጠረዡ አንድ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ግን አንዱ ከቤቱ ሥራ ጋር ተዛማጅ ነው፣ ሌላው ባዕድ ነው። ሳቢያን ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስል ነበር፤ የጣላችሁ ዳቦው ሳይሆን የባጃጁ መንገድ ነው።

የሸንኮር ልጅ፦ እንዲህ ከሆነማ ሠንጠረዡ ምንም አይናገርም ማለት ነው።

ጡረተኛ አስተማሪ፣ ድሬዳዋ፦ የትኛው ነገር አዲስ እንደሚሆንብህ ይናገራል። አዲሱ ነገር ስንት እንደሚያስከፍል ግን አንተ ወርደህ ትቆጥራለህ።

የአዲስ ከተማ ነዋሪ፦ ሃይነከን በ2011 እ.ኤ.አ. የሐረርንና የበደሌን ፋብሪካ ሲገዛስ? ያው ሶፊ ለሆላንዱ ባለቤት ገበያ ማስፋት ነው፣ ለሐረሩ ፋብሪካ ግን ሌላ። አንድ ጠርሙስ በሁለት ሳጥን ውስጥ ነው። የማን ድርጅት ዓይን እንደሆነ ሳይባል ጥያቄውን ማውጣት ስህተት ነው።

የሸንኮር ልጅ፦ ፈተናው የጠየቀው ስለ ፋብሪካው ነው፤ ሃይነከንን ማን አነሳ? ደግሞ ቢራም እንግዳ መቀበያ ነው። መምህር «ሌላ ተልእኮ» ያሉትን አልቀበልም። አጎቴ እንግዳ ሲመጣ ቢራ ያወጣል፣ ጎረቤታችን ሶፊ ያወጣል። ሥራው አንድ ነው።

የቀድሞ አከፋፋይ፦ አጎትህ ለጎረቤቱ ቢራ ያቀርባል?

የሸንኮር ልጅ፦ አያቀርብም። ሶፊ ነው የሚገዛለት።

የቀድሞ አከፋፋይ፦ እንግዲህ!

የሸንኮር ልጅ፦ «እንግዲህ» ምንድን ነው? ያ እኮ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ቢራ የሚገዛው አጎቴ ራሱ ሶፊም ገዛ፤ አሮጌ ደንበኛ፣ አዲስ ምርት።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ሐረር፦ አባቴስ? እሱ ቢራ ገዝቶ አያውቅም ብያለሁ። ሰኞ ወረቀቱን ይዤ መምህሩ ቢሮ እሄዳለሁ፤ ስለ ሳጥኖቹና ስለ ሱቁ አዛውንት የጻፉትን እንድጠቅስ ይፈቅዱልኛል?

የቀድሞ አከፋፋይ፦ ጥቀስ። ባዶ ጠርሙሱን ለብቻው እንደጫንኩም አትርሳ።