ጥቆማ፦ ከአዲስ አበባ የመጣው የበርበሬ ኢሜይል ያዋጣል ወይስ እዚሁ ልግዛ?

ሰናይት (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ትንሽ የባልትና ሱቅ አለኝ። ከአዲስ አበባ ኢሜይል ደረሰኝ። «በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣና ቅመማ ቅመም እናቀርባለን። በርበሬ ቦሌ ካርጎ ድረስ በኪሎ 9 ዶላር፣ ትንሹ ትእዛዝ 100 ኪሎ። ግማሹ ክፍያ በቅድሚያ።» አሁን ቨርጂኒያ ካለ ጅምላ ሻጭ በ16 ዶላር ነው የምወስደው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ደረጀ
ምን ያስጨንቅሻል? ለሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ አስጨምሪ። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው፣ ማንም አልከለከለኝም።

ተካ
ደሬ፣ ለቤትህ ከሆነ ልክ ነህ። ለሱቅ ግን አይሆንም። ለሽያጭ የሚገባ ምግብ አምራቹ የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በሆነው ኤፍዲኤ ዘንድ መመዝገብ አለበት። ጭነቱ ከመድረሱ በፊት ማሳወቂያ ይላካል። እዚህም አቅራቢውን አጣርቶ ኃላፊነት የሚወስድ አስመጪ ይጠየቃል።

ሰኒ፣ 9ኙን ከ16ቱ ጋር አታወዳድሪ። የአየር ጭነት በኪሎ 4 ዶላር፣ የጉምሩክ አስተላላፊ 250፣ የላብራቶሪ ምርመራ 200 ብለን እንያዝ። 100 ኪሎው 1,750 ዶላር ይመጣል፤ ኪሎው 17.50 ማለት ነው። ቀረጡን ገና አልነካሁም። 500 ኪሎ ብታመጪ ወደ 13.90 ይወርዳል። ግን ያን ሁሉ በርበሬ ሳይነቅዝ ትሸጪዋለሽ?

ዋናው ፍርሃቴ አፍላቶክሲን ነው። ዛላው በደንብ ሳይደርቅ ከተከመረ ሻጋታ መርዙን ይተዋል። ቢፈጭም ቢታመስም አይጠፋም፣ በዓይን አይለይም። የአሜሪካ ጣሪያ ከቢሊዮን እጅ 20 እጅ ነው። የምርመራው ወረቀት ላይ ያለው የምርት ቁጥር ከሚላክልሽ ጆንያ ጋር አንድ መሆኑን እዪ። የአምናውን ወረቀት የሚልክ አለ።

ሙሉ (ዱባይ)
ጤፍስ ይልካሉ? ለእንጀራ ቤቴ ፈልጌ ነበር።

ተካ
ሙልዬ፣ ጥሬ ጤፍ ከአገር እንዳይወጣ ከታገደ ቆየ። የሚላከው እንጀራው ነው። «ጤፍ በጆንያ እልክልሻለሁ» ያለሽን ጠርጥሪ።

ወይንሸት
እኔ በርበሬውን ከጅምላ ሻጩ ነው የምወስደው፤ የተበላሸውን ይቀይርልኛል። ከአገር ቤት የማስመጣው ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ነው። ሳይፈጭ ስለሚመጣ ቶሎ አይበላሽም፣ ጥሩ ዋጋም ያወጣል። ሰኒ፣ ገንዘቡን በማን ስም ላኪ አሉሽ? እውነተኛ ላኪ ዶላሩን የሚቀበለው በባንክ፣ በድርጅቱ ስም ነው። በግለሰብ ስም በሐዋላ ካሉሽ ተይው። ንግድ ፈቃዱንም በቲን ቁጥሩ etrade.gov.et ላይ ፈልጊው።

ሰናይት
ሂሳቡ በድርጅት ስም ነው፣ ፈቃዱም ተገኝቷል። የምርመራ ወረቀቱን ግን ቀብዱ ከገባ በኋላ ነው የምንሰጥሽ አሉኝ።

ደረጀ
ታዲያ የት ይሄዳሉ? ፈቃድ አላቸው አይደል!

ተካ
ፈቃድ በርበሬ አያደርቅም። ናሙና በፖስታ ይላኩልሽና እዚሁ አስመርምሪው። ወጪው ያንቺ ነው፣ ግን ከቀብዱ ያንሳል።

ወይንሸት
ናሙናው ሁልጊዜ ጥሩ ነው እኮ! የሚመጣው ጆንያ ነው ሌላ የሚሆነው። ኮረሪማ ስንት እንደሚሉ ጠይቂልኝ፣ ካዋጣ አብረን እናስጭናለን።