የጎማው የምርት ቀን ተፍቆ እንደገና የታተመ መሆኑን እንዴት ልለይ?

ለሚኒባሴ 195 አር 15 ሲ የሆኑ አራት ጎማዎች ገዝቼ ገና አላስገጠምኳቸውም፤ ሻጩ እስከ ቅዳሜ ድረስ መመለስ እንደምችል ስለነገረኝ፣ ከዚያ በፊት ባለሙያዎች እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በሁሉም ላይ ከዶት ጽሑፍ መጨረሻ 0823 የሚል ይነበባል፤ ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2023 ስምንተኛ ሳምንት ማለት ነው። ቀኑ በአንዱ ጎን ብቻ መጻፉ የተለመደ ስለሆነ አላሳሰበኝም። ያጠራጠረኝ በአራተኛው ጎማ ላይ ቁጥሮቹ ያረፉበት ቦታ ከዙሪያው ይልቅ የለሰለሰ መሆኑ ነው። በእርግጥ ቀኑ የሚታተመው በጎማው ቅርጽ ማውጫ ላይ በሚቀያየር ትንሽ ብረት ስለሆነ፣ በቁጥሮቹ ዙሪያ ቀጭን የጠርዝ መስመር በትክክለኛ ጎማም ላይ ይታያል። በዚህኛው ግን መስመሩ ጭራሽ የለም፤ በምትኩ ሞረድ የነካው የሚመስል ጭረት እስከ ዶት ፊደላት ድረስ ይዘልቃል፣ ቁጥሮቹም እኩል አልተደረደሩም። ይህ አሮጌ ቀን ተፍቆ በጋለ ብረት አዲስ እንደተጻፈ ያረጋግጣል ወይስ የፋብሪካ ጉድለት ሊሆን ይችላል?

ከዚያው ሱቅ የገዛሁት ባለ አራት ሊትር የሞተር ዘይትም አለ። ክዳኑን ስጠመዝዘው የማሸጊያው ቀለበት ተበጥሶ አንገቱ ላይ መቅረት ሲገባው ሳይበጠስ አብሮ ወጣ፤ የምርት መለያ ቁጥሩም በደረቅ ጣት ሲታሽ ይለቃል፣ ከካርቶኑ ቁጥር ጋርም አይገጥምም። የተለጠፈው ወረቀት ግን ጥርት ያለ ነው። ዕቃው እውነተኛ ሆኖ ዘይቱ ብቻ የተቀየረ ይሆን? ሞተር ውስጥ ሳልጨምረው የማረጋግጥበት መንገድ ካለ ብትጠቁሙኝ።