በኤቲአር ስቶፕ ለማስቀመጥ የትኛውን ትጠቁሙኛላችሁ?

ጠያቂው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ኮካ ኮላና ቴስላ አሉኝ። ለሁለቱም ከገዛሁበት 5 በመቶ ዝቅ አድርጌ ስቶፕ አስቀምጣለሁ። ቴስላ ሁለት ጊዜ አስወጥቶኝ በማግስቱ ሽቅብ ሄደ። ትሬዲንግቪው፣ ቲንክኦርስዊም ወይስ ኢንተራክቲቭ ብሮከርስ ይሻለኛል?

የቆየ ነጋዴ
ወንድሜ፣ ከመሣሪያው በፊት ቁጥሩን እንይ። ቴስላ 300 ዶላር፣ ኤቲአሩ፣ ማለትም በ14 ቀን የታየው አማካይ የቀን ውዝዋዜው፣ 12 ይሁን። 5 በመቶህ 15 ዶላር ነው፤ አክሲዮኑ በአንድ ተራ ቀን ከሚወዛወዘው እምብዛም አይበልጥም። ኮካ ኮላ 70 ዶላር፣ ኤቲአሩ 1 ቢሆን ግን ያው 5 በመቶ የሦስት ቀን ተኩል ውዝዋዜ ያህል ይሆናል። በሁለት ኤቲአር ብትሠራ ስቶፕህ ለቴስላ 276፣ ለኮካ ኮላ 68 ላይ ይውላል። ቴስላ ሰፋ ስላለ ቁጥሩን ትቀንሳለህ፤ የምትከስረው ከ200 ዶላር እንዳይበልጥ ከፈለግህ 8 ቴስላ ወይም 100 ኮካ ኮላ ትገዛለህ።

እኔ ቲንክኦርስዊምን እመርጣለሁ፤ ATRTrailingStop የሚለው መስመሩን ይስልልሃል። ሲከፈት ግን 5 ቀንና 3.5 እጥፍ ላይ ነው። ካላስተካከልኸው በ14 ቀን ካሰላኸው ጋር አይገጥምም።

ከዳላስ
ኢንተራክቲቭ ብሮከርስ ይበልጣል። ተከታይ ስቶፑን በዶላር ታስገባለህ፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ከአክሲዮኑ ጠባይ ጋር ይስማማል።

የቆየ ነጋዴ
ዋጋው ሲወጣ አብሮ መውጣቱ እውነት ነው። ርቀቱ ግን አይለወጥም። 24 ብለህ ካስገባህ፣ ኤቲአሩ ወደ 7 ቢወርድም 24 ነው። እኔ ዓርብ ገበያው ሲዘጋ እንደገና አስልቼ ትእዛዙን አሻሽላለሁ። አሰልቺ ነው፣ ግን ሌላ መላ አላገኘሁለትም።

ሂሳብ ሠራተኛዋ
ለማየት ብቻ ከሆነ ትሬዲንግቪው ይበቃል። ቸክ ለቦ ያስተዋወቀውን፣ ከ22 ቀን ከፍተኛ ዋጋ ሦስት ኤቲአር የሚቀንሰውን ስቶፕ፣ በሦስት መስመር ጽፌዋለሁ፦

```
//@version=5
indicator("ATR stop", overlay=true)
plot(ta.highest(high, 22) - 3 * ta.atr(22))
```

ገበያው ሲታወክ ኤቲአሩ ያብጥና መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። እኔ አብሬው እወርዳለሁ።

የቆየ ነጋዴ
እኔ በፍጹም አልወርድም። ገበያው ባስፈራ ቁጥር ኪሳራ ልጨምር እንዴ?

ሂሳብ ሠራተኛዋ
ካልወረድሁ በሁከቱ መጀመሪያ ቀን አስወጥቶኝ፣ ለጠያቂው በቴስላ የደረሰው ይደርስብኛል።

ከአትላንታ
ሁላችሁም ስለ መስመሩ ትከራከራላችሁ። የእኔ ስቶፕ 40 ላይ ነበር፤ ኩባንያው የሩብ ዓመት ሪፖርቱን ማታ አውጥቶ ጠዋት በ33 ተከፈተ። የተሸጠልኝም በ33 ነው። ኤቲአር ያለፈውን እንጂ የነገውን ዝላይ አያውቅም። አሁን ከሪፖርት በፊት ግማሹን እሸጣለሁ።

ከአዲስ አበባ
ወጋገን ባንክ ላይስ ይሠራል? ገበያው ከተከፈተ ከ2025 ጀምሮ እከታተላለሁ።

የቆየ ነጋዴ
ግብይት ያልተካሄደበት ቀን ስፋቱ ዜሮ ሆኖ ይገባል፤ እንዲህ ያሉ ቀናት ሲበዙ ኤቲአሩ ያለ አግባብ ይጠብና ስቶፕህን ወደ ዋጋው ያስጠጋዋል። መጀመሪያ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚሸጥ ቁጠር።

ጠያቂው
ቲንክኦርስዊምን በ14 ቀንና በሁለት እጥፍ አስተካከልሁት። ኤቲአሩ ሲያብጥ ስቶፔን ዝቅ ላድርገው ወይስ አላድርገው የሚለውን ግን ገና አልወሰንሁም።