የደበዘዘ ስክሪንሾት ላይ ያለ ጽሑፍ እንዴት ጥርት ይላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ሐሙስ ፕሬዘንቴሽን አለኝ፣ አንድ ስላይድ ላይ ግን ተቸግሬአለሁ።

የያዝኩት የቁጥር ሰንጠረዥ ስክሪንሾት ነው። ባልደረባዬ በቻት ላከችልኝ፤ ስፋቱ 640 ፒክስል ብቻ ነው። ስላይዴ 1920 ስለሆነ ምስሉ ሦስት እጥፍ ይለጠጣል፣ ጽሑፉም ይደበዝዛል። ምስል የሚያጠራውን «ሻርፕን» ሞከርኩት። ትንሽ ስጨምር ለውጥ የለም። ብዙ ስጨምር በፊደሎቹ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ይወጣል። ከሁሉም የከበደኝ 3 እና 8 አለመለየታቸው ነው። አንዱ ሳጥን 38 ይበል 83 አላውቅም። የጠፋውን መስመር ደግሞ ሻርፕን ከየትም አያመጣውም፤ የተሳሳተ ቁጥር አጥርቼ እንዳላሳይ እፈራለሁ።

ሌላ የደበዘዘ ስክሪንሾትም ነበረኝ፤ እሱ ግን ከድረ ገጽ ስለነበር እንደ አዲስ አነሳሁት። ገጹን በ Ctrl እና + እስከ 200% አጎላሁ፣ የሚያስፈልገኝን ክፍል ብቻ ቆርጬ በ PNG አስቀመጥኩ። ብሮውዘሩ ፊደሎቹን በትልቁ እንደገና ስለሚስላቸው ቁልጭ ብለው ወጡ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሻርፕኑ ላይ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጅቻለሁ!

የሰንጠረዡ ሲስተም ግን ተዘግቷል፣ ድጋሚ ማንሳት አይቻልም። ባልደረባዬ ዋናው ምስል ስልኳ ላይ ካለ፣ ቻቱ እንዳይጨምቀው በፋይል መልክ እንድትልክልኝ ጠይቄአታለሁ። እየፈለገች ነው።

ካላገኘችውስ? የሚነበቡትን ቁጥሮች ስላይዱ ላይ በንጹህ ሰንጠረዥ ጽፌ፣ የማይለዩትን «አይነበብም» ብዬ ልተዋቸው? ወይስ የቁጥሮቹን ቅርጽ ሳይቀይር ምስሉን የሚያጎላ መንገድ የምታውቁ አላችሁ? እባካችሁ ተባበሩኝ።