ሲኒና ፔርሙዝ በአንድ ኮንቴይነር አስመጥተን የአንዱ ዋጋ ስንት እንደሆነ ጠፋን

ጥያቄ፦ የማርቆሷ

ሰላም ለዚህ ቤት። ከአጎቴ ልጅ ጋር ሆነን ከቻይና አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር አስመጣን። 36,000 ሲኒ እና 3,600 ፔርሙዝ ነው። የእቃው ዋጋ 3,024,000 ብር፣ ጭነት እስከ ሞጆ 392,000፣ ኢንሹራንስ 24,000፣ ጉምሩክ የከፈልነው በድምሩ 2,423,480፣ ከዚያ በኋላ ደብረ ማርቆስ መጋዘን እስኪገባ 270,000 ወጣ። ሁሉንም ደምሬ ለ39,600 ፍሬ ሳካፍለው አንዱ 155 ብር ገደማ መጣ። ሲኒ በ155 ብር ማን ይገዛኛል? ፔርሙዙን ደግሞ በ155 ብር ብሸጥ ሰው በሌሊት ተሰልፎ ይጨርሰዋል። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ፍኖተ ሰላም

እህቴ፣ ፍሬ በፍሬ አይካፈልም። በዋጋ ነው የሚካፈለው። የእያንዳንዱ ኢንቮይስ ስንት ነው? ከ3,024,000ው ሲኒው ግማሽ ከሆነ፣ የጠቅላላ ወጪውን ግማሽ ይሸከማል። አለቀ። እኔ ስድስት ዓመት እንዲህ ነው የምሠራው።

የማርቆሷ

የሚገርም ነው፣ እኩል ናቸው። ሁለቱም 1,512,000። እንደዚያ ሳሰላው ሲኒው 85 ብር፣ ፔርሙዙ 852 ብር ሆነ። ሲኒ እዚህ ገበያ በጅምላ 85 ብር እየተሸጠ ነው። ምንም አላተረፍንም ማለት ነው?

የዳንግላው

ጉምሩክ ዋጋ ከፍ አድርጎባችሁ ይሆናል። እኔ መለዋወጫ ሳስመጣ ኢንቮይሴ ላይ ያለውን ዋጋ አልቀበልም ብለው በራሳቸው የዋጋ መረጃ ነው ያስከፈሉኝ። ለአቅራቢው የላክሁት ገንዘብ ሌላ፣ ቀረጥ የተሰላበት ገንዘብ ሌላ። የባንክ ማስተላለፊያዬን፣ የአቅራቢውን ዋጋ ዝርዝር ሁሉ ይዤ ቅሬታ አቀረብኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። እስከዚያ ኮንቴይነሩ ቆሞ ይቆጥራል። ቅሬታ ብታስገቢ ይሻላል።

የማርቆሷ

ወንድሜ አመሰግናለሁ፣ የእኛ ግን ኢንቮይሱን እንዳለ ነው የተቀበሉት። ቀረጥ የተሰላበት የጉምሩክ ወረቀት፣ ዲክላራሲዮኑ ላይ ያለውም ያው ነው።

ሂሳብ ከባሕር ዳር

የማርቆሷ፣ ሁለት ነገር ተደባልቆብሻል። ፍኖተ ሰላምም ግማሹን ነው ያየው።

መጀመሪያ ጉምሩክ የከፈላችሁትን 2,423,480 አንድ ቁጥር አድርገሽ አትያዢው። ዲክላራሲዮኑን ዘርግተሽ መስመር በመስመር አንብቢው። ውስጡ አምስት ነገር ይኖራል። እኔ ከሰጠሽው ቁጥር ተነስቼ ልገምት፣ አንቺ አረጋግጪ። የእቃ፣ የጭነትና የኢንሹራንስ ድምር 3,440,000 ነው። የጉምሩክ ቀረጡ 30 በመቶ ከሆነ 1,032,000። በሁለቱ ድምር ላይ ቫት 15 በመቶ፣ 670,800። ቫቱም ተጨምሮ በጠቅላላው ላይ ሱር ታክስ 10 በመቶ፣ 514,280። ከዚያ ሁለት ጊዜ 103,200 ታያለሽ። አንዱ ዊዝሆልዲንግ፣ ሌላው ሶሻል ዌልፌር የሚሉት ነው። ሁለቱም ከ3,440,000ው ላይ 3 በመቶ ናቸው። ድምሩ ልክ 2,423,480 ይመጣል።

እነዚያ ሁለት እኩል ቁጥሮች ብዙ ሰው ያሳስታሉ። አንዳንዱ ሁለት ጊዜ የተጻፈ መስሎት አንዱን ይተወዋል። አንዳንዱ ሁለቱንም ወጪ ያደርጋል። ዊዝሆልዲንግ የዓመቱ የትርፍ ግብር ቅድመ ክፍያ ነው፣ ዓመት ሲዘጋ ከግብራችሁ ይቀነሳል። ሶሻል ዌልፌሩ አይመለስም። ቫቱም ለቫት ለተመዘገበ ሰው ወጪ አይደለም። ስትሸጪ ከሰበሰብሽው ቫት ላይ ታቀናንሺዋለሽ። ሱር ታክስ ግን ስሙ ታክስ ቢሆንም የትም አይቀናነስም። እቃው ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ስለዚህ 670,800 እና 103,200 ከዋጋው ይወጣሉ። 774,000 ብር ነው። የቀረው 5,359,480 ነው የእቃው ዋጋ።

ሁለተኛው ነገር አከፋፈሉ ነው። ካርቶኖቹ ስንት ናቸው? ስፋታቸውስ? ፓኪንግ ሊስት ላይ አለ።

የማርቆሷ

ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው! አሁን ዲክላራሲዮኑን ይዤ ነው። ቀረጡ ለሁለቱም 30 በመቶ ነው፣ 103,200ም ሁለት ጊዜ አለ። እኔ እውነትም የተደገመ መስሎኝ ትራንዚተሩን ልጣላው ነበር።

ፓኪንግ ሊስቱ፦ ሲኒው 500 ካርቶን፣ በካርቶን 72፣ 10 ሜትር ኩብ። ፔርሙዙ 300 ካርቶን፣ በካርቶን 12፣ 18 ሜትር ኩብ። 270,000ው ደግሞ እንዲህ ነው። ከሞጆ ማርቆስ የመኪና 70,000፣ ደረቅ ወደብ 40,000፣ ኮንቴይነሩ በመዘግየቱ የከፈልነው ዲመሬጅ 42,000፣ ጫኝና አውራጅ 16,000፣ ትራንዚተር 40,000፣ ባንክ 62,000።

ሂሳብ ከባሕር ዳር

እንዲህ ነው የሚጠየቅ። አሁን ለእያንዳንዱ ወጪ አንድ ነገር ጠይቂው፦ አንተን ያመጣህ ምንድን ነው? ቦታ ነው ወይስ ብር?

ጭነቱን ያመጣው ቦታ ነው። ኮንቴይነሩ የሞላው በፔርሙዙ ነው፣ ከ28 ሜትር ኩብ 18ቱን ይዟል። ፔርሙዝ ውስጡ ባዶ ነው፣ አየር ነው ያስጫናችሁት። ስለዚህ ከ392,000 ጭነት ፔርሙዙ 252,000፣ ሲኒው 140,000 ይወስዳል። በዋጋ ብታካፍሊው እኩል 196,000 ይደርሳቸው ነበር፣ ሲኒው የፔርሙዙን 56,000 ብር ይከፍልለታል። የመኪናው፣ የደረቅ ወደቡ፣ የጫኝና አውራጁ እንዲሁም የዲመሬጁ 168,000ም እንደዚያው በቦታ። ሲኒው 60,000፣ ፔርሙዙ 108,000።

ኢንሹራንስ፣ ባንክና ትራንዚተር ከብር ጋር ነው የሚሄዱት። የእናንተ ዋጋ እኩል ስለሆነ ግማሽ ግማሽ፣ 63,000።

ቀረጡን ደግሞ በራስሽ አታካፍዪው። ዲክላራሲዮኑ ላይ ለሲኒው ብቻ፣ ለፔርሙዙ ብቻ ተለይቶ ተጽፏል። የተከፈለው እሱ ነው፣ እሱን ውሰጂ። የሁለቱ ቀረጥ የተለያየ መጣኔ ቢሆን ኖሮ እዚህ ጋ ነበር ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው።

የማርቆሷ

ዲክላራሲዮኑ ጭነቱን በዋጋ ነው የከፋፈለው፣ ስለዚህ ቀረጡ፣ ሱር ታክሱና ሶሻሉ ለሁለቱም እኩል 824,740 ነው። ሠራሁት።

ሲኒ፦ 1,512,000 + 140,000 + 824,740 + 60,000 + 63,000 = 2,599,740። ለ36,000 ሲካፈል 72 ብር ከ22 ሳንቲም።

ፔርሙዝ፦ 1,512,000 + 252,000 + 824,740 + 108,000 + 63,000 = 2,759,740። ለ3,600 ሲካፈል 766 ብር ከ59።

ሁለቱን ስደምር 5,359,480 መጣ። እልልልል!

ሂሳብ ከባሕር ዳር

እልልታሽን ቆጥቢ። ሲኒው ስንቱ ደህና ደረሰ?

የማርቆሷ

ኧረ እሱስ... ሞጆ ላይ ከኮንቴይነር አውጥተን መኪና ላይ ነው የጫንነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ የአባይ በረሃ ጠመዝማዛ አለ፣ ካርቶኑ ላይ ካርቶን ተደርቦ። ሲወርድ የታች ካርቶኖቹን ሳነሳቸው ሻ... ሻ... ይላሉ፣ እንደ ሽምብራ። ለቅመን ስንቆጥር 1,800 ገደማ ተሰብሯል።

ሂሳብ ከባሕር ዳር

በይ ለ34,200 ነዋ የምታካፍዪው። ወጪው አልቀነሰም፣ የቀነሰው ሲኒው ነው። 76 ብር ይሆናል። ኢንሹራንሱ እስከ መጋዘን የሚሸፍን ከሆነ ከሚከፍሉሽ ላይ ትቀንሺያለሽ። ፖሊሲውን አንብቢ፣ ብዙ ጊዜ በመጫን ጊዜ ለሚሰበር ተሰባሪ እቃ ራሱን የቻለ ውል ካልተጨመረ ይከራከራሉ። የተሰበረውን ፎቶ አንስተሽ ካልሆነ ደግሞ ነገሩ ከአሁኑ አልቋል።

ፍኖተ ሰላም

በቦታ ማካፈሉን ተቀብያለሁ፣ ጋሼ። ግን ዲመሬጁ ለምን ሲኒው ላይ ይጫናል? 42,000ው ወረቀት አዘግይታችሁ የመጣ ቅጣት ነው። የሚቀጥለው ኮንቴይነር ላይ አይኖርም። እሱን ዋጋ ውስጥ ብታስገቢ ሲኒሽ ከሌላው ነጋዴ ይወደዳል። የዚህ ወር ኪሳራ ብለሽ ለብቻው ብትይዢው አይሻልም?

ሂሳብ ከባሕር ዳር

ይህቺ ጥሩ ነች። በሂሳብ መዝገብ ልክ ነህ፣ ያልተለመደ ብክነት እቃው ላይ አይጫንም። ግን ገንዘቡ ከኪሷ ወጥቷል። ለመሸጫ ዋጋ ስትወስን ልታውቀው ይገባል። እኔ ብሆን ሁለት ቁጥር እይዛለሁ፣ አንድ ከዲመሬጁ ጋር፣ አንድ ያለሱ። ለሲኒው ልዩነቱ በፍሬ ከ50 ሳንቲም አይበልጥም፣ ለፔርሙዙ 7 ብር ከ50 ነው።

የዳንግላው

እኔ ጋ ዲመሬጅ በየኮንቴይነሩ ነው። ያልተለመደ አትበሉኝ።

የማርቆሷ

አንድ የመጨረሻ ነገር። የንግድ ፈቃዱ፣ የግብር መለያ ቁጥሩም ዲክላራሲዮኑም በአጎቴ ልጅ ስም ነው። እሱ አዲስ አበባ ነው፣ ለቫት የተመዘገበው እሱ ነው። እኔ ግማሹን ገንዘብ አወጣሁ፣ እቃው ግማሽ የእኔ ነው፣ የምሸጠው እዚህ ማርቆስ ነው። ቫቱና ዊዝሆልዲንጉ ይመለሳል ያሉት ለማን ነው?

ሂሳብ ከባሕር ዳር

ይህንን መጀመሪያ ብትነግሪኝ ኖሮ!

የሚቀናነሰው ዲክላራሲዮኑ ላይ ስሙ ላለ ሰው ነው። 774,000ው የሚጠቅመው እሱን ነው። አንቺ በግማሽ ገንዘብሽ ቫትና ዊዝሆልዲንግ ከፍለሽ፣ እሱ ካቀናነሰው፣ ያንቺ ግማሽ 387,000 ብር እሱ ጋ ነው ያለው። እሱ ለአንቺ ድርሻሽን በቫት ደረሰኝ ከሸጠልሽ፣ አንቺም ለቫት ተመዝግበሽ ከሆነ፣ ነገሩ በደንቡ ይሄዳል። ያለ ደረሰኝ እቃውን ብቻ ከተረከብሽ ግን ላንቺ ቫቱም ዊዝሆልዲንጉም ወጪ ነው። ያኔ ሲኒሽ 76 ሳይሆን 87 ብር ነው፣ በ85 ከሸጥሽ በእያንዳንዱ ሁለት ብር እያወጣሽ ነው።

ፍኖተ ሰላም

ዘመድ ጋር ስትሠሩ መጀመሪያ ወረቀት ጻፉ የምለው ለዚህ ነው። ዝምድናውን ትታችሁ ዲክላራሲዮኑን ፊት ለፊት አስቀምጡና ተነጋገሩ።

የማርቆሷ

ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ። እሱ ግን «ቫት እኮ ለመንግሥት ነው የተከፈለው» ነበር ያለኝ ባለፈው። እስከዚያ ሲኒውን አልሸጥም፣ ፔርሙዙን በ950 ጀምሬያለሁ።

የዳንግላው

ፔርሙዙ ክዳኑ ውስጥ ያለው ላስቲክ ሽታ አለው ወይ? ከሌለው ለእኔ አምስት ካርቶን ያዢልኝ።